የጄድ አምባር ሲቀርብላችሁ፦ ድንጋዩ ምንድን ነው? ቀለሙስ የራሱ ነው?
(በደሴ ለከበሩ ድንጋዮች ነጋዴዎችና ቀራጮች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣ ቀራጮችና ደላሎች፣ ከደላንታና ከወገል ጤና ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ኦፓል ለናንተ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ስለዚህ አልነካውም። የዛሬው ጉዳይ ጄድ ነው። ኦፓል ይዞ ባንኮክ ወይም ሆንግ ኮንግ የሚወርድ ሰው አረንጓዴ አምባር ቢቀርብለት፣ ወይም «ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ እንቀያየር» ቢባል፣ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ ድንጋዩ ምንድን ነው? ቀለሙስ የራሱ ነው?

ገበያው ጄድ የሚለው ሁለት የተለያዩ ማዕድናትን ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አሌክሲ ዳሙር በ1863 እ.ኤ.አ. ለይቶ እስኪያሳይ ድረስ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። ጄዳይት በዋናነት ከሶዲየም፣ ከአሉሚኒየምና ከሲሊካ የተሠራ ነው፤ የታወቀው ምንጩ የምያንማሩ ህፓካንት ነው። ኔፍራይት ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቃጫዎች እርስ በርስ ተጠላልፈው የተገመዱበት ድንጋይ ነው። ጭረትን በመቋቋም ጄዳይት በትንሹ ይበልጣል፤ ስብራትን በመቋቋም ግን የሚበልጠው ኔፍራይት ነው፤ ያ ጥልፍልፉ ነው የሚይዘው። ስለዚህ እየቧጨሩ ለመለየት መሞከር ከንቱ ነው፤ ዕቃ ከማበላሸት በቀር ምንም አይነግራችሁም።

የሚለያቸው ክብደታቸው ነው። ኔፍራይት ከእኩል መጠን ውሃ በ2.95 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ጄዳይት በ3.34 ገደማ። ይህን ለማወቅ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን የናይለን ክር ይበቃል። አምባሩን መጀመሪያ በደረቁ መዝኑት። ቀጥሎ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉት። አምባሩን በክሩ አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ክሩንም በእጃችሁ ያዙት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው አምባሩ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ።

በምሳሌ እንየው። «ንጹህ ጄዳይት» የተባለ ደማቅ አረንጓዴ አምባር በደረቁ 60.4 ግራም መዘነ እንበል። ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 22.8 አነበበ። 60.4 ለ22.8 ሲካፈል 2.65 ይሆናል። በዚያ መጠኑ ኔፍራይት ቢሆን 67 ግራም ገደማ፣ ጄዳይት ቢሆን 76 ግራም ገደማ መመዘን ነበረበት። 2.65 የኳርትዝ ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አረንጓዴ የተቀለመ ኳርትዛይት ነው። ጄድ አይደለም፤ በጄድ ዋጋም አይታሰብም።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አምባሩ የብርጭቆውን ታች ከነካ ወይም የአየር አረፋ ከተለጠፈበት የውሃው ንባብ ይጨምራል፣ ውጤቱም ዝቅ ይላል፤ ጥሩው ድንጋይ ርካሽ ይመስላል ማለት ነው። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አረፋውን ያስለቅቃል። ወርቅ ወይም ብር የተገጠመበትን በዚህ መለካት አይቻልም፤ ከ1 ግራም በታች የሆነ ፈርጥም ለዚህ ሚዛን ያንሳል። ደግሞ ይህን በወሎ ኦፓላችሁ ላይ እንዳትሞክሩት፤ ውሃ ይጠጣልና ቁጥሩ ይዋሻል።

ሚዛኑ ጄዳይት ነው ካለ፣ ዋጋውን የሚወስነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ምርጡ አረንጓዴ የሚገኘው ከክሮሚየም ነው። ደማቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ ወደ ጥቁርም ወደ ግራጫም የማያደላ ከሆነ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ከቀለሙ እኩል የሚታየው ብርሃን አሳላፊነቱ ነው። የድንጋዩ ቅንጣቶች ደቃቅና የተጣበቁ ሲሆኑ ብርሃን ሳይበተን ያልፋል፤ ሻካራ ሲሆኑ በየድንበራቸው ይመለሳል፣ ድንጋዩም የደፈረሰ ይመስላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚያወጡ ለማየት በ2014 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ በጨረታ የተሸጠውን ሃተን-ምዲቫኒ የተባለ የአንገት ጌጥ ማንሳት ይበቃል፤ 27 የጄዳይት ዶቃ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ፈርጥ ስታዩ ግን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ጥቁር ያጠላበት ድንጋይ ብርሃን እንዲያሳልፍ ተብሎ ከኋላ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፤ ያ ማታለል ባይሆንም ድንጋዩ ስስ ነውና ዋጋው ይወርዳል።

ኔፍራይትን በጅምላ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ቻይናዎች ከበግ ሞራ ጋር የሚያመሳስሉት ነጩ የሆታን ኔፍራይት ከብዙ ጄዳይት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ተንኮል ልምጣ። ገበያው ጄዳይትን በፊደል ይከፍለዋል። «ኤ» የሚባለው ከሰም በቀር ምንም ያልተደረገለት ነው። «ቢ» በአሲድ ታጥቦ ሙጫ የተሞላ፣ «ሲ» የተቀለመ ነው፤ ሁለቱም የተደረገለት «ቢ ሲደመር ሲ» ይባላል። አሲዱ የሚያስፈልገው በቅንጣቶቹ መካከል የገባውን ቡናማ የብረት ዝገት አጥቦ ለማውጣት ነው። ሥራው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ዝገቱ ሲወጣ ቀለሙ ይጠራል፣ ድንጋዩ ግን ማያያዣውን አጥቶ ይላላል፤ ስለዚህ ክፍተቱን በፖሊመር ሙጫ ይሞሉታል። ቀን ሲቆጠር ሙጫው ይቢጫል፣ ወርቅ ሠሪ በእሳት ሲጠጋው ይበላሻል። መጀመሪያ ሲታይ ግን ከ«ኤ»ው የበለጠ ሊያምር ይችላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ዓይን የወደደው ሁሉ ዋጋ የለውም።

አስር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ ይዛችሁ ከኋላ በባትሪ ብርሃን እዩት። የተፈጥሮው አረንጓዴ ቅንጣቱ ውስጥ ነው ያለው፤ የተቀለመው ግን በቅንጣቶቹ መካከልና በስንጥቆቹ ላይ እንደ ደም ሥር ተሰብስቦ ይታያል። የለሰለሰውን ፊት አዘንብላችሁ በብርሃን ነጸብራቅ ስትመለከቱት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከሞላው፣ አሲድ መቅመሱን ጠርጥሩ።

ሰሙን ግን ከዚህ ጋር አትደባልቁት። ድንጋዩ ከተለሰለሰ በኋላ ታጥቦ ይደርቃል፤ የሰሙን ሙቀት እንዲጠጋ በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ቀጥሎ ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ይነከርና በጨርቅ ይወለወላል። ሰሙ ላይ ላዩን ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል እንጂ ውስጡን አይለውጥም። ንግዱም የሥራው ማሳረጊያ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ዋጋ አያስቀንስም። ሙቀት ሲነካው ይወጣል፣ ድንጋዩም የደረቀ ይመስላል፤ መልሶ መቀባት ይቻላል። በትኩስ መርፌ እየወጉ «ሙጫ አለበት» የሚሉ አሉ፤ ሰምም ሙጫም በሙቀት ስለሚለሰልሱ ይህ ንጹሑንም ያስወነጅላል፣ ድንጋዩንም ያቆስላል።

ሙጫ የሌለው መሆኑን በእርግጠኝነት የሚናገረው በኢንፍራሬድ ጨረር የሚመረምር ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አምባር ከሆነ፣ ደረሰኙ ላይ «ጄዳይት፣ ዓይነት ኤ፣ ያልተቀለመ፣ ሙጫ ያልገባበት» ተብሎ ይጻፍ፤ ክፍያውም የላቦራቶሪው ወረቀት ከመጣ በኋላ ይሁን። ሻጩ «ጄድ» ብቻ ብሎ መጻፍ ከመረጠ፣ ዋጋውን በ«ቢ» አስቡት።