ስለ እማዬ ምስር ወጥና ስለ ዘይት ጠርሙሱ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ድስት ምስር ወጥ ነው።

ባለፈው ዓመት የደም ምርመራ አድርጌ ስኳሬ ከፍ ማለት እንደጀመረ ተነገረኝ። ገና በሽታ የሚባለው ደረጃ ላይ አልደረሰም። ግን ክብደት መቀነስ አለብሽ ተባልኩ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ለሁለት ሳምንት የምበላውን ሁሉ ከነካሎሪው እንድጽፍ ጠየቀችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት የበላሁት ብስኩት ማሸጊያው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ገለበጥኩት። ማታ እቤት ገባሁ፣ እማዬ ምስር ወጥ ሠርታለች። እዚያ ላይ ቆምኩ። ድስት ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ስልኬ ላይ ያለውን አፕ ከፍቼ ምስር ወጥ ብዬ ፈለግኩ። ሦስት አራት መልስ መጣ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ማን እንደጻፈው፣ ምን ያህል ዘይት እንደገባበት አይታወቅም። ምስር ብቻ ብዬ ስፈልግ ደግሞ አንድ ቦታ 116፣ ሌላ ቦታ 352 ይላል፣ ሁለቱም ለ100 ግራም። የትኛው ነው ውሸቱ? ሁለቱም እውነት ናቸው። 352ቱ ጥሬው ደረቅ ምስር ነው። 116ቱ በውሃ የተቀቀለው ነው። ምስሩ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ከበደ እንጂ ካሎሪው አልቀነሰም። ውሃ ካሎሪ የለውም። ይቺን ነገር ከያዝን የቀረው ሁሉ ከእሷ ይመጣል።

ማለትም ወጡ ውስጥ ያለው ካሎሪ ድስቱ ውስጥ የገባው ጥሬ ዕቃ ካሎሪ ድምር ነው። ስለዚህ የሚመዘነው ጥሬው ነው። ከዚያ ወጡ ሲያልቅ ጠቅላላ ክብደቱን ታዩና ድምሩን ለክብደቱ ታካፍላላችሁ። አንድ ግራም ወጥ ስንት ካሎሪ እንደያዘ ይወጣላችኋል።

የኩሽና ሚዛን ገዛሁ። ቅዳሜ እማዬ ልትሠራ ስትል አጠገቧ ቆምኩ። ባዶውን ድስት መዘንኩት፣ 1,350 ግራም። ምስር ክኩ 500 ግራም ሆነ። ሽንኩርቱን ከላጠችው በኋላ መዘንኩት፣ 600 ግራም። ነጭ ሽንኩርቱ 30፣ በርበሬው 60። እዚህ ድረስ ታገሠችኝ። ዘይቱ ላይ ስደርስ ግን፣ «ልጄ፣ እኔ በዓይኔ ነው የምሠራው፣ በማንኪያ እየለካሁ ወጥ ሠርቼ አላውቅም» አለችኝ። ስንት ማንኪያ ይሆናል ስላት፣ «ሦስት ቢሆን ነው» አለች።

እማዬ አልዋሸችም። እሷ የምታስበው አንዴ የምታደርገውን ነው። ግን ዘይት የሚገባው አንዴ አይደለም። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላዋለች። ውሃውን ሲጨርስ ዘይት ታደርጋለች። በርበሬው ሲገባ እንዳይዝ ብላ ትደግማለች። መጨረሻ ላይ፣ መከለሻው ሊገባ ሲል፣ ወጡ እንዲያምር ትንሽ ጠብ ታደርጋለች። በየመሃሉ እጇ የሚያውቀውን አፏ አይቆጥረውም። እኔም ብሠራ እንደዚያው ነው።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ማንኪያውን ትቼ ጠርሙሱን ብመዝነውስ? ሥራ ሳትጀምር ጠርሙሱ 950 ግራም ነበር። ድስቱ ከወረደ በኋላ መዘንኩት፣ 770። 180 ግራም ዘይት ገብቷል። እማዬን አንዴም አላቋረጥኳትም፣ እጇንም አልያዝኩትም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ኖሮ 40 ግራም አካባቢ ነበር የሚሆነው።

አሁን እንደምረው። ካሎሪ ስል ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ኪሎ ካሎሪ ነው። ምስር በ100 ግራም 350 ብንለው፣ 500ው ግራም 1,750 ይሆናል። ሽንኩርት በ100 ግራም 40 ነው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ሽንኩርት 240 ብቻ ነው። በርበሬው 180 ገደማ፣ ነጭ ሽንኩርቱ 45። ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ 180 ግራሙ 1,620። ጠቅላላው 3,835 መጣ። ዘይቱ ብቻውን ከምስሩ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

ድስቱ ከነወጡ 3,750 ግራም መዘነ። የድስቱን 1,350 ስቀንስ 2,400 ግራም ወጥ ቀረ። 3,835ን ለ2,400 ሳካፍል በግራም 1.6 ይሆናል። እማዬ የምትጨልፍበት ጭልፋ 150 ግራም ይይዛል። አንድ ጭልፋ 240 ካሎሪ ነው።

ሦስት ማንኪያ የሚለውን አምኜ ብጽፍ ኖሮ ያው ጭልፋ 160 ይሆንልኝ ነበር። እኔ በአንድ ገበታ ሁለት ጭልፋ እበላለሁ። በቀን ሁለቴ ብበላ 320 ካሎሪ ሳላየው ያልፋል ማለት ነው። «ምንም አልበላም፣ ግን አልቀንስም» ስል የኖርኩት ለዚህ ይሆን? ለራሴ አዘንኩ፣ እውነቴን ነው። በጾም ወቅት በተለይ ምግቡ ቀላል ነው እያልኩ ነበር የምበላው። የጾም ወጥ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ዘይቱ ከቅቤው አያንስም።

ሽንኩርቱን መመዘን ብትረሱ፣ በ200 ግራም ብትሳሳቱ፣ ስህተቱ 80 ካሎሪ ነው፣ ለጠቅላላው ድስት። በዘይት 200 ግራም ብትሳሳቱ 1,800 ነው። ስለዚህ ሁሉንም በእኩል መጨነቅ አያስፈልግም። ጊዜ ከሌላችሁ ዘይቱን ወይም ቅቤውን፣ ደረቁን እህል፣ እና የመጨረሻውን ክብደት ብቻ መዝኑ። ቲማቲሙና ቃሪያው በግምት ቢሄድ ምንም አይደለም።

ሚዛኑ ላይ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ተሳስቼ ያየሁትን ነው። ብዙዎቹ የኩሽና ሚዛኖች ከ5 ኪሎ በላይ አያነሡም። ድስቱ ትልቅ ከሆነ ወጡን ወደ ሳህን እየገለበጣችሁ በየተራ መዝኑ። ትኩስ ድስት በቀጥታ አታስቀምጡበት። መክተፊያ እንጨት አድርጉበት፣ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ከዚያ ድስቱን ከላይ። ሌላው፣ ወጥ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ የጨለፈና ከታች የጨለፈ እኩል አይበላም። ከመጨለፋችሁ በፊት በደንብ አማስሉት፣ አለዚያ በግራም ያወጣችሁት ቁጥር ለማንም አይሠራም።

የማግስቱ ወጥ ደግሞ ያደናግራል። እሑድ ሲሞቅ እማዬ ውሃ ጨመረችበት፣ ወጡ ቀጠነ። የቅዳሜው 1.6 እሑድ አይሠራም። አሁን የማደርገው ቅዳሜውኑ የራሴን ድርሻ በዕቃ መድቤ ማስቀመጥ ነው። ዕቃው ውስጥ 300 ግራም ካለ 480 ካሎሪ ነው። ሲሞቅ ቢደርቅም፣ ውሃ ቢጨመርበትም፣ ያው 480 ነው።

እንጀራውስ? እሱ ከወጡ ይቀላል። የጤፍ ዱቄት በኪሎ 3,660 ካሎሪ ገደማ አለው። እኛ ቤት ለአንድ ጋገራ 3 ኪሎ ዱቄት ይቦካል፣ ወደ 11,000 ካሎሪ ማለት ነው። 22 እንጀራ ወጣ። አንዱ 500 አካባቢ ነው። አብሲቱም የሚጣለው ከዚያው ሊጥ ስለሆነ ለብቻው አይቆጠርም። ሲቦካ ትንሽ ነገር ይቀነሳል፣ ግን የምንጨነቅበት አይደለም። ጤፉ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ቢቀላቀልም ቁጥሩ ብዙ አይለወጥም፣ ደረቅ እህል ሁሉ እዚያው አካባቢ ነው። የሚለያየው የእንጀራው ውፍረትና ስፋት ነው። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ አንዱን መዝኑት። የእኛው አንዱ 320 ግራም ስለሆነ በ100 ግራም 155 ገደማ ይመጣል።

ትሪው ላይ አብረን ስንበላ እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ እኔ የራሴን እንጀራ ቀድሜ እመዝንና ወጡን በጭልፋ ቆጥሬ ከፊቴ አስደርጋለሁ። ከሌላ ሰው ፊት አልቆርስም። ጉርሻ ግን አልመልስም። አንዴ እማዬ ልታጎርሰኝ ያዘጋጀችውን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 45 ግራም ሆነ። እንጀራውም ወጡም በ100 ግራም 160 አካባቢ ስለሆኑ አንድ ጉርሻ 70 ካሎሪ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ ማጣራት አልፈልግም።

ይህ ሁሉ ቁጥር በመቶ አሥር ያህል ቢሳሳት አይገርመኝም። ምስር ከምስር ይለያያል፣ ድስቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀርም ዘይት አለ። ለእኔ ግን ዋናው የዛሬው ቁጥር ከባለፈው ሳምንቱ ጋር በአንድ መንገድ መለካቱ ነው።

እማዬ ወረቀቱን ስታይ ብዙ አልተናገረችም። «ይሄ ሁሉ ዘይት ነው?» ብቻ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሽንኩርቱ ሲይዝባት ዘይት በመጨመር ፈንታ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረገች አቁላላችው። ጠርሙሱን ስመዝነው 90 ግራም ነው የወጣው። ጭልፋው ከ240 ወደ 200 ገደማ ወረደ። ጣዕሙ ተለወጠ? ትንሽ ተለወጠ፣ አዎ። ቁሌቱ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ደግሞ እሷ ቀድማ ትነሣለች። ይህንን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ዶሮ ወጥ ላይ ነው እስካሁን የምታገለው። አጥንት አለው፣ እንቁላል አለው፣ አንዱ ብልት ከሌላው አይገናኝም። የማደርገው ብልቶቹንና እንቁላሎቹን አውጥቼ መረቁን ብቻ እንደ ምስሩ ማስላት ነው፣ ቅቤውን በግራም 9 እየያዝኩ። እንቁላሉን 75 እለዋለሁ። ብልቱን ከነአጥንቱ መዝኜ እበላና አጥንቱን መልሼ እመዝነዋለሁ። ቆዳው ስለተገፈፈ የሥጋውን በ100 ግራም 190 እይዛለሁ። ለበዓል ቤቱ በሰው ሲሞላ ግን ሚዛኑን ቁም ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ የምጽፈው የጭልፋውን ቁጥርና «አንድ እንቁላል፣ አንድ ፈረሰኛ» ብቻ ነው።

የድስቶቹን ባዶ ክብደት የጻፍኩበት ወረቀት ኩሽናው በር ጀርባ ተለጥፏል። ባለፈው ሳምንት ሳየው ከታች አንድ መስመር ተጨምሯል፣ በእማዬ እጅ ጽሑፍ። አዲሱ የሽሮ ድስት፣ 980።