በላጲስ የጠፋችው መስመር

እየቀዳ ነው? እሺ፣ ይቀዳል። ሰላም ናችሁ። ስለ ጄኔሬተሩ የጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ አይሆንም። ወንድሜም ደህና ነው፣ ገብቷል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላብ ሪፖርት ነው። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ አንዲት ግራፍ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኛለች።

የፔንዱለሙ ላብ ነው፣ ያው በየዓመቱ የሚመጣው። የብረት ኳስ በክር ታንጠለጥላላችሁ፣ 20 ጊዜ እስኪወዛወዝ በስቶፕ ዋች ትይዛላችሁ፣ የክሩን ርዝመት እየቀያየራችሁ ትደጋግማላችሁ። ከዚያ g፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ ይወጣል። ማርኩ ከ20 ነው። ለአሠራሩ 6፣ ለዳታ ትንተናው 8፣ ለድምዳሜው 6።

ሁለት ሪፖርት ተከታትሎ መጣ። የመጀመሪያው g = 9.81 ይላል። ንጹሕ ነው፣ ሥርዝ ድልዝ የለውም፣ ነጥቦቹ በሙሉ መስመሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። 18 ሰጠሁት። ሁለተኛው የአንዲት ልጅ ነው። 9.45 ይላል። መደምደሚያው ላይ «ልዩነቱ የመጣው በሂዩማን ኤረርና በአየር ግጭት ነው» ብላለች። 11 ሰጠኋት። አስገባሁ። ተኛሁ።

አልተኛሁም እንጂ። ተጋደምኩ።

ያስነሳኝ የልጅቷ ሰንጠረዥ ነው። ለየርዝመቱ g አስልታለች። በ20 ሴንቲ ሜትር 9.09። በ40፣ 9.42። ከዚያ 9.53፣ 9.59፣ በ1 ሜትር 9.63። አማካዩ 9.45 ነው። ስታረም አማካዩን ነው ያየሁት። ዓምዱን ከላይ ወደ ታች አላነበብኩትም። እዩት እስቲ፣ ይወጣል! አንድም ቦታ አይመለስም። የእጅ ስህተት እንደዚህ አይሠራም። ስቶፕ ዋቹን አንዴ ትቀድሙታላችሁ፣ አንዴ ትዘገያላችሁ። ቁጥሩ ወዲህና ወዲያ ይላል እንጂ ደረጃ አይወጣም። ደረጃ ከወጣ ከኋላው አንድ የማይለወጥ ነገር አለ ማለት ነው፤ ክሩ ሲያጥር በጣም የሚጎዳ፣ ሲረዝም የሚደበዝዝ።

በነገራችን ላይ ይቺ «ሂዩማን ኤረር» የምትባል ቃል... በየሪፖርቱ አለች። እኔም ተማሪ ሆኜ እጽፋት ነበር። ማን ሰው? የቱ እጅ? በስንት ሰከንድ? ሰው ስቶፕ ዋች ሲጫን ቢሳሳት 0.2 ሰከንድ ቢሆን ነው። 20 ውዝዋዜ በ1 ሜትር ክር 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 0.2 ከ40 ግማሽ ፐርሰንት ነው። g ላይ ሲደርስ በእጥፍ፣ 1 ፐርሰንት። 0.1 ማለት ነው። 9.45ን ደግሞ 0.1 አያድነውም። ስለዚህ ድምዳሜዋ ደካማ ነው ያልኩት ልክ ነበር። ግን... ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ተነሳሁ። መብራቱን አበራሁ። ግራፉን አወጣሁ። T²፣ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ በቋሚው፤ L፣ የክሩ ርዝመት፣ በአግድሙ። መስመሩ በዜሮ በኩል ያልፋል፣ ነጥቦቹ ግን አይገጥሙትም። ወረቀቱን ወደ መብራቱ ሳስጠጋው ከመስመሩ ጎን ሌላ መስመር አየሁ። በላጲስ የጠፋ። የእርሳሱ ጫና ወረቀቱ ላይ ቀርቷል፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ይሰማኛል። ያቺ የጠፋችው መስመር በአምስቱም ነጥቦች ታልፋለች። በአምስቱም! ቋሚውን የምትቆርጠው ግን ዜሮ ላይ ሳይሆን ትንሽ ከፍ ብላ፣ 0.06 ላይ ነው።

ማስመሪያ አምጥቼ የመስመሯን ስሎፕ ለካሁ። 4.04። 4π² ለስሎፑ ሲካፈል g ይወጣል፤ ለ4.04 ሲካፈል 9.77።

አዲስ አበባ ላይ g 9.77 አካባቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። 9.81 ማኑዋሉ ላይ ያለ ቁጥር እንጂ የኛ ቁጥር አይደለም። ልጅቷ የከተማዋን g በክርና በብረት ኳስ አግኝታው ነበር። በእርሳስ። ከዚያ አጠፋችው።

0.06 ከየት መጣ ታዲያ? 0.06 ለ4.04 ሲካፈል 0.015 ሜትር ይሆናል። 1.5 ሴንቲ ሜትር። ኳሱ ደግሞ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ነው! አሠራሩ ላይ ተመለስኩ። በራሷ ቃል እንዲህ ብላለች፦ «ክሩን ከማሰሪያው እስከ ኳሱ አናት ለካን»። እስከ ኳሱ መሐል መለካት ነበረባት። የጎደለችው 1.5 ሴንቲ እሷ ናት። በ20 ሴንቲ ክር ላይ ብዙ ናት፣ በ1 ሜትር ላይ ትንሽ። ለዚህ ነው ቁጥሩ ደረጃ የወጣው። ስሎፑን ግን አትነካውም፣ መስመሩን እንዳለ ከፍ ታደርገዋለች እንጂ።

እኔ ለአሠራሩ ከ6 ስንት ነው የሰጠኋት? 3። «አለካኩ ስህተት ነው» ብዬ። እውነት ነው፣ ስህተት ነው። ግን የት እንደተሳሳተች ማወቅ የቻልኩት የሠራችውን በትክክል ስለጻፈችልኝ ነው። ሌላኛው ሪፖርት «የፔንዱለሙን ርዝመት ይለኩ» ይላል። ይለኩ! የማኑዋሉ ትእዛዝ እንዳለ ተገልብጦ። ከየት እስከ የት እንደለካ አላውቅም። ለሱ 6 ከ6።

ይሄን ሳስብ የሱንም ሰንጠረዥ አወጣሁ። 1 ሜትር ላይ ሦስት ሙከራ፦ 40.12፣ 40.12፣ 40.12። የልጅቷ 40.41፣ 40.62፣ 40.47 ነው። በእጅ የተያዘ ሰዓት ሦስት ጊዜ እስከ መቶኛ ሰከንድ አይገጥምም። 40.12 ደግሞ g 9.81 ቢሆን ፎርሙላው የሚሰጣችሁ ቁጥር ነው። ግን ይሄ ልጅ ፈጥሮታል ብዬ መማል አልችልም። 9.81 ማግኘቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከ9.77 የሚለየው በ0.04 ነው፣ በእጅ ስህተት ውስጥ ይገባል። የሚጠረጠረው ቁጥሩ ሳይሆን መዋዠቁ መጥፋቱ ነው። የላብ ደብተሩን ላየው ይገባል። ካለው።

እና አሁን ልጅቷን ስንት ልስጣት? አሠራሩን 5 አደርገዋለሁ። ትንተናው ላይ ግን... ትክክለኛዋን መስመር ካሰመረች በኋላ አጥፍታታለች። የቀረበልኝ የተሳሳተው ነው። ላጲስ ላጠፋው ማርክ ይሰጣል? ድምዳሜውም ቢሆን ደካማ ነው፣ አልለወጥም፤ ቁጥሮቿ ደረጃ እየወጡ እያየች «ሂዩማን ኤረር» ብላለች። ወይም አላየችም። እኔም አላየሁም እኮ፣ መጀመሪያ።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ላቡ ቀን ሰሌዳው ላይ ግራፉን የሣልኩት እኔ ነኝ። «መስመሩ በዜሮ በኩል ማለፍ አለበት» ብያለሁ። ሁለት ጊዜ። ርዝመት ዜሮ ሲሆን ጊዜውም ዜሮ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ። ርዝመቱ በትክክል ከተለካ አዎ። ያቺን «ከተለካ» አላልኳትም።

ሐሙስ ላብ አለን። መስመሯን ለምን እንዳጠፋቻት ልጠይቃት አስቤያለሁ። ወይም ምንም ሳልጠይቅ ወረቀቱን መልሼ፣ በእርሳስ ያቺኑ መስመር መልሼ አስምሬላት... አይ፣ እሷ ብታሰምራት ነው የሚሻለው። ግን ጠርቻት «ለምን አጠፋሽው?» ስላት፣ «መምህር፣ እርስዎ አይደሉ በዜሮ በኩል ይለፍ ያሉት?» ብትለኝ...

መብራት ሄደ መሰለኝ። ቆዩ፣ እስቲ...