ያበጠ ካፓሲተር፤ ቴሌቪዥኑ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

እንደምን ዋላችሁ። ከሉማሜም ከአማኑኤልም መንገድ ወጥታችሁ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ለቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ ላይ ስለምትቆመው፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅማ ስለምታቀብለው፣ የጣት አንጓ ስለምታክለው ካፓሲተር።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በጋቢ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲያሻው ይነሳል፣ ሳያሻው ይተኛል» አሉኝ። ሌላ ቦታ አሳይተውት «ሜይን ቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» ተብለዋል፤ የቴሌቪዥኑን አንጎል ማለታቸው ነው። እኔ ግን ክዳኑን ከመፍታቴ በፊት ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋቸው። መቼ ጀመረዎት? እንዴት እንዴት ነበር የሚያደርገው?

መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ብሎ ይነሳ ነበር አሉ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያስጠብቃቸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት በተለይ አስቸጋሪ ነው፣ አንዴ ከተነሳ ግን እስከ ማታ ምንም አይል። አሁን ደግሞ ጭራሽ ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ከውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ምስል የለም።

ይሄን አነጋገር ልብ በሉልኝ። መብረቅ ወይም ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ የመታው ቴሌቪዥን ባንዴ ነው ጸጥ የሚለው። ካፓሲተር ግን ቀስ እያለ ነው የሚሞት፤ ቴሌቪዥኑም በየሳምንቱ እየዘገየ ይሄዳል። የጠዋቱ ነገርም ትልቅ ምልክት ነው። ካፓሲተሩ ውስጥ ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት በአሉሚኒየም ቅጠል መካከል ተጠቅልሎ አለ። ፈሳሹ እየደረቀ ሲሄድ ሥራው ይደክማል፣ በማርቆስ የጠዋት ብርድ ደግሞ የባሰውን ይደክማል፣ ትንሽ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል። እንግዲህ የሚያደርቀው ሙቀት ነው። ቦርዱ ላይ ከሚግለው የማቀዝቀዣ አሉሚኒየም አጠገብ ስለሚተከል ዓመት ከዓመት ይበስላል፣ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ አናቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። አናቱ ላይ የምታዩት የመስቀል ቅርጽ ያለው ጭረት ጌጥ አይደለም። ግፊቱ ሲበዛ በዚያ በኩል ተከፍቶ እንዲተነፍስ፣ እንዳይፈነዳ ነው የተሠራው።

ወደ እትዬ ቴሌቪዥን ልመለስ። ከሶኬት ነቀልኩት፣ ጀርባውን ፈታሁት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ቦርዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ካፓሲተር አለ፣ ብዙውን ጊዜ 450 ቮልት የሚል የተጻፈበት። ከሶኬት ተነቅሎም ከ300 እስከ 400 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። «ነቅዬዋለሁ እኮ» ብሎ እጅ መስደድ የለም። በመፍቻ አጋጭቶ ማራገፍም የለም፣ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል፣ ቦርዱንም ያበላሻል። እኔ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ይዤ የትልቁ ካፓሲተር እግሮች ላይ አሳርፋለሁ፣ ሽቦውን የምይዘው በፕላስቲኩ ነው። ከዚያ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር እለካለሁ። ከ10 ቮልት በታች ካልወረደ ቦርዱን አልነካም። ሜትር የሌለው ሰው ክዳኑን ባይፈታው ይሻላል።

ቦርዱን በብርሃን ዘንበል አድርጌ ሳየው ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች፣ አቅማቸው 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት የሚሉት፣ አናታቸው እንደ ጉልላት ተነስቷል። በአንደኛው ጭረት ላይ ቡናማ ቅርፊት ደርቋል። ግን በዓይን ብቻ አልፈረድኩም። አብርቼ፣ እጄን ከቦርዱ አርቄ፣ ሜይን ቦርዱን የሚመግበውን የ5 ቮልት መስመር ለካሁት። ተኝቶ ሳለ 5 ይላል። በሪሞት ተነስ ስለው ወደ 3.9 ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ይኼ ነው፤ ሜይን ቦርዱ ሊነሳ ሲል ኃይል ያጣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። ስለዚህ ሜይን ቦርዱ አልሞተም፣ ተርቦ ነው።

ከሶኬት ነቅዬ፣ ትልቁን እንደገና አራግፌና ለክቼ፣ ሁለቱንም አወጣሁና 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት፣ እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል አዲስ ተከልኩ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከፍ ቢል ችግር የለም፣ ዝቅ ካለ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩ እግር ነው፣ ቦታውን ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ከሌላ ቦርድ የተነቀለ አሮጌ ካፓሲተር አትትከሉ፣ እሱም ደርቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለካሁ፣ 5.1 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክዳኑን ሳልዘጋ አንድ ሰዓት አበራሁትና እንደገና ለካሁ። እንዲሁ ነው።

ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ያላበጠ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፣ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ደርቆ የሚገኝ ብዙ አለ። ከሥሩ የምታዩት ቡናማ ሙጫ ደግሞ ካፓሲተሩን ይዞ እንዲቆም ከፋብሪካ የተደረገ ሊሆን ይችላል፣ ፈሶ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ሁለተኛ፣ አዲስ ተክላችሁ የ5 ቮልቱ መስመር 6 ወይም 7 ካሳየ አጥፉት። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚለው። እኔ ከቦርዱ በፊት ስክሪኑን ነው የማየው። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ጥሎበት ከሆነ ፓወር ቦርድ ላይ አንድ ብር አላስወጣም። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም ከተባለ በጨለማ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብርቼ አያለሁ፤ ደብዛዛ ምስል ከታየ ችግሩ የኋላ መብራቱ ጋ ነው፣ ሒሳቡም ሌላ ነው።

ስክሪኑ ጤነኛ ሆኖ ያበጠ ካፓሲተር ብቻ ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑ 10 ዓመት ቢሞላውም አሠሩት። የዕቃው ዋጋ ከቴሌቪዥኑ ጋር አይወዳደርም፣ የምትከፍሉት በአብዛኛው የእጅ ነው። ቦርዱ ከከሰለ ወይም ፊውዝ ሲቀየርለት ቶሎ ቶሎ የሚበጥስ ከሆነ ግን ካፓሲተር መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው፣ ሙሉ ቦርድ ፈልጉ። ስክሪናቸው ከተሰበረ ቴሌቪዥኖች የሚወጣ ጤነኛ ቦርድ ይገኛል። ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆን አለበት፣ ያው ብራንድ መሆኑ አይበቃም። ቦርዱና እጁ ተደምረው ደህና ያገለገለ ቴሌቪዥን ከሚገዛበት ግማሹን ከበሉ፣ እኔ ለደንበኛዬ «ይተዉት» ነው የምለው።

አንድ ልመና አለኝ። መዘግየት ሲጀምር አምጡት። ሃያ ጊዜ እያጠፋችሁ እያበራችሁ አታስነሱት፤ ኃይሉ እየወደቀ ሲነሳ ሜይን ቦርዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ የካፓሲተር ሥራ ብቻ አይሆንም።

የእትዬን ሁለት አሮጌ ካፓሲተሮች እዚህ ሳህን ላይ አድርጌያለሁ፣ አዲሶቹም አጠገባቸው አሉ። ተራ በተራ ኑና አናታቸውን በጣታችሁ ዳስሱት። ልዩነቱን ጣታችሁ ይነግራችኋል።