የግል ዓመት ቁጥርና የተሳሳተ የልደት ቀን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

በዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ስለ ቁጥር እንድናገር ስጠየቅ ምን እንደምትጠብቁ አውቄአለሁ። ብዙዎቻችሁ ልጅ ያላገባላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ «መቼ ይሆን?» የምትሉ ናችሁ። እኔም ይህን ቆጠራ ለዓመታት የያዝኩት ሰው ነኝና መልስ ይዞ ይመጣል ብላችሁ ተሰብስባችኋል። መልስ ሳይሆን ቁጣ ይዤ መጥቻለሁ፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

አሠራሩን የማያውቅ ካለ በአጭሩ ላስረዳ። የተወለዳችሁበትን ወርና ቀን ወስዳችሁ፣ ከያዝነው ዓመት አኃዞች ጋር ትደምራላችሁ፤ ድምሩ አንድ አኃዝ እስኪሆን ድረስ መልሳችሁ ትደምራላችሁ። የሚወጣው የግል ዓመት ቁጥራችሁ ነው። በየዓመቱ በአንድ ይጨምራል፤ 9 ላይ ሲደርስ ወደ 1 ይመለሳል። 1 ጅማሬ፣ 2 አጋርነት፣ 6 ቤትና ኃላፊነት፣ 9 መዝጊያ ይባላል። ስለዚህ «ሰው የምታገኘው በ2 ነው፤ የምታገባው በ6 ነው» የሚል ንግግር ተለመደ። አንዳንዶች 11 ሲወጣ ወደ 2 ሳያወርዱ ልዩ ቁጥር ነው ብለው ይተዉታል። ሥርዓቱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው። የተሠራውም በጃንዋሪ 1 ለሚጀምር ዓመትና የልደት ቀኑን አጥርቶ ለሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ግን እንዲህ አይደለንም።

ከመካከላችን የአንዲትን እኅት ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ስሟን አልጠራም፤ ፈቅዳልኛለች። የተወለደችው ታኅሣሥ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው፤ ይህን እናቷ አጥርተው ያውቃሉ። ለሁለት ዓመት የሚያውቃት፣ ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው ሽማግሌ ልላክ ብሎ ጠየቃት። እርሷም ገንዘብ እየተቀበሉ ቁጥር ከሚያነቡ አንዷ ዘንድ ሄደች። አንባቢዋ ልደቷን ወደ ፈረንጅ ቀን ለወጠችው፤ ታኅሣሥ 14 ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 23 ላይ ስለሚውል 23 ብላ ያዘች። ወሩ 12 ነው፤ 1 እና 2፣ 3 ይሆናል። 2 እና 3 ደግሞ 5። በአንድነት 8። 2026 ሲደመር 10፣ ከዚያም 1 ነው። 8 እና 1፣ 9። «የመዝጊያ ዓመትሽ ነው፤ በዚህ ዓመት የተያዘ ነገር አይጸናም። 2 የሚመጣልሽ በ2028 ነው፤ እስከዚያ ጠብቂ» አለቻት።

አሁን አብረን እንቁጠር። የ1983 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ 1984 የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ይገፋሉ። የእኅታችን ታኅሣሥ 14 የዋለው ዲሴምበር 23 ላይ ሳይሆን ዲሴምበር 24 ላይ ነው። 3 እና 6፣ 9። በ2026 ላይ 9 እና 1፣ 10፤ ማለትም 1። አንድ ቀን ስትስተካከል የመዝጊያው ዓመት የጅማሬ ዓመት ሆነ! 2028 የተባለውም ወደ 2027 መጣ። በራሳችን አቆጣጠር ብንሄድ ደግሞ ታኅሣሥ 4ኛ ወር ነው፤ 4 እና 1 እና 4፣ 9። ያለንበት 2018 ሲደመር 11፣ ከዚያም 2 ነው። 9 እና 2፣ 11፤ ወደ 2 ይወርዳል። የአጋርነት ዓመቷ አሁን ነው ማለት ነው።

አንዲት ሴት፣ አንድ ልደት፣ ሦስት ቁጥር፦ ዝጊ፣ ጀምሪ፣ ተቀበይ። አንባቢዋ ከሦስቱ አንዱን፣ ያውም በስሌት ስሕተት የወጣውን ያዘች፤ እኅታችንም በእርሱ ተመርታ ሰውየውን «ጠብቀኝ» አለችው። ምክንያቱን ሲጠይቃት ቁጥር ነው ለማለት አፈረች። እርሱም እንደማትፈልገው ቆጥሮ ሄደ። ቁጥሩን ለእኔ ያሳየችኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ቤት ሊሠራ ሲል በሩን የሚዘጋ፣ የጳጉሜንን ስድስተኛ ቀን እንኳ ሳያጣራ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቆጠራ ያውቃል አልለውም! የሌላ ሰው ዕድሜ ሁለት ዓመት የሚያስጠብቅ ማን ሥልጣን ሰጠው?

ከዚህ የከፋም አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በስደት የመጣን ሰዎች ብዙ ነን። ልደታችን በትክክል ስላልታወቀ በወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈልን አለን። ጃንዋሪ 1 ማለት 1 እና 1፣ 2 ነው። ባለፈው 2025 የዓመቱ ቁጥር 9 ነበር፤ 2 እና 9፣ 11፤ ወደ 2 ይወርዳል። ስለዚህ በወረቀቱ የሚቆጠርለት የጃንዋሪ 1 ሰው ሁሉ፣ የሰባ ዓመቱ አዛውንትም የሃያ ዓመቱ ወጣትም፣ በአንድ ጊዜ የአጋርነት ዓመት ገባ። ያንን ቁጥር የሰጣቸው የስደተኛ መዝጋቢ እንጂ ልደታቸው አይደለም። አባቶቻችን ኮከብ ሲቆጥሩ የሰውን ስምና የእናቱን ስም ይጠይቁ ነበር እንጂ ቀን አይጠይቁም፤ ቀን የሚመዘገብበት አገር አልነበረምና። በቆጠራው ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ሰው የሚያውቀውን ነበር የሚጠይቁት።

«ነገር ግን ለእኔ ሠርቶልኛል፤ ባለቤቴን ያገኘሁት በ2 ነው» የምትሉኝ አላችሁ። አምናችኋለሁ። ቁጥሩ ግን ከዘጠኝ ዓመት ሁለቱን ለፍቅር ሰጥቷል። በአጋጣሚ ብቻ ከዘጠኝ ሰው ሁለቱ በ2 ወይም በ6 ያገባሉ። ባልና ሚስት በየራሳቸው ሲቆጠሩ ደግሞ፣ ከሁለት አንዳቸው በ2 ወይም በ6 ላይ የመገኘት ዕድላቸው ከአምስት ሠርግ ወደ ሁለቱ ይጠጋል። 1ን «አዲስ ሕይወት»፣ 9ን «የብቸኝነት ፍጻሜ» እያልን ከጨመርንበት ከሦስት ሠርግ ወደ ሁለቱ ይገጥማል። አብዛኛውን ሠርግ የሚገጥም ቁጥር መቼ እንደምታገቡ ሊነግራችሁ አይችልም።

የሠርግ ወቅታችንም ነገሩን ያደናግረዋል። አገር ቤት ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ የገና ጾም ተፈትቶ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። የፈረንጅ ዓመት የሚለወጠው ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ሽማግሌ በኅዳር ተልኮ ሠርጉ በጥር ከሆነ፣ ቃል የታሰረው በአንዱ ቁጥር፣ ድግሱ በሚቀጥለው ነው። የቱ ነው የጋብቻው ዓመት? አንዳንዶች ደግሞ የግል ዓመት የሚጀምረው በልደት ቀን ነው ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሌላ ቁጥር ይወጣል።

እኔ በዚህ ቆጠራ የምጠቀመው ወደ ኋላ ለማየት ነው። 6 ላይ የነበረ ሰው ሲመጣ «ያኔ ቤት ለመያዝ ምን አግዶህ ነበር?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምን እንደሆነም እንዲያስታውስ አደርገዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር አልናገርም። ጠብቅ አልልም፤ ፍጠንም አልልም።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። የልደት ቀናችሁን በእኛ አቆጣጠር፣ ከክርስትና ምስክር ወረቀት ወይም ከእናታችሁ አፍ እንደሰማችሁት፣ ጻፉበት፤ የቃል ኪዳናችሁንና የሠርጋችሁን ቀን ለየብቻ። ስም አትጻፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉንም በፊታችሁ እቆጥረዋለሁ፤ 2 እና 6 ከዘጠኝ ሁለት እጁ ላይ ከቆሙም፣ ከዚያ ካለፉም፣ የወጣውን እንዳለ አነብላችኋለሁ።