ፎቶው ላይ ሰባት ቀስቶች አሉ፤ ኃይሎቹ ግን አራት ናቸው

[ማያ ገጹ ላይ፦ በስልክ የተነሣ የመጽሐፍ ገጽ። አንድ ሳጥን ተዳፋት ላይ፣ ዙሪያውን ቀስቶች።]

ይህ ፎቶ አንድ ተማሪ ለጓደኛው የሚልከው ዓይነት ፎቶ ነው። ገጹ በማጠፊያው በኩል ጎብጧል፤ ስልኩም ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው ያነሣው። ሥዕሉ የ4 ኪሎ ግራም ሳጥን ያሳያል። ሳጥኑ በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በገመድ ወደ ላይ እየተጎተተ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የገመዱ ውጥረት 30 ኒውተን፣ የሰበቃ ቋሚው 0.2 መሆኑን ይነግረናል። የምንፈልገው ፍጥንጥነቱን ነው።

ሒሳብ ከመጀመራችን በፊት ቀስቶቹን እንቁጠር። ሰባት ናቸው። ከሰባቱ ሁሉ ኃይል እያወጣ እኩልታ የሚጽፍ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

[ማያ ገጹ ላይ፦ ከሳጥኑ ጎን ያለችው v የተጻፈባት ቀስት ትደበዝዛለች።]

ይህቺኛዋ ሳጥኑን አትነካም፤ ከጎኑ ብቻዋን ቆማለች። የምትነግረን ሳጥኑ ወደ የት እንደሚሄድ ነው እንጂ ማን እንደሚገፋው አይደለም። ስለዚህ እኩልታው ውስጥ አትገባም። ኋላ ላይ ግን ትፈለጋለችና አትርሷት።

[ማያ ገጹ ላይ፦ ሁለቱ የተቆራረጡ ቀስቶች ይደምቃሉ።]

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። mg ቀጥ ብላ ወደ ታች ትወርዳለች። ከእርሷ ጋር mg sinθ እና mg cosθ የተባሉ ሁለት ቀስቶች በተቆራረጠ መስመር ተስለዋል። እነዚህ አዲስ ኃይሎች አይደሉም፤ ያችው mg ለሁለት ተከፍላ ነው። ሙሉዋንም ክፍልፋዮቿንም አንድ ላይ ከጻፋችሁ ምድር ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ሳበችው ማለት ነው። ፎቶው ሲደበዝዝ የተቆራረጠው መስመር ሙሉ መስመር ይመስላል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ሳይሆን ጥያቄውን እመኑ፦ ይህን ኃይል በሳጥኑ ላይ የሚያሳርፈው ማን ነው? ገመዱ T፣ ወለሉ በቀጤ ነክ N፣ ወለሉ በሰበቃ f፣ ምድር mg። ባለቤት ያላቸው እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው።

ማዕዘኑንም በፎቶው ላይ በፕሮትራክተር ለመለካት አትሞክሩ። ካሜራው ዘንበል ሲል 30 ዲግሪ 40 ሊመስል፣ ቀጤ ነክ የሆነውም ሊጣመም ይችላል። የተጻፈውን ቁጥር ውሰዱ።

ሳይንና ኮሳይን ከተምታቱባችሁ ተዳፋቱን በሐሳባችሁ አስተኙት። ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን ወለሉ ሜዳ ይሆናል፤ ክብደቱም ሳጥኑን ወደ ጎን አይስበውም። ዜሮ ላይ ዜሮ የሚሆነው ሳይን ነው፤ ስለዚህ በተዳፋቱ ርዝመት ያለው ክፍል mg sinθ ነው።

[ማያ ገጹ ላይ፦ የ x መስመር ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ላይ፣ y ከወለሉ ወደ ውጭ።]

ሰበቃው ወደ የት ነው? ቅድም ያቆየናት v እዚህ ትጠቅማለች። ሳጥኑ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ስለሆነ ሰበቃው ወደ ታች ይጎትተዋል። g 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው ብለን እንጻፍ።

```
y:  N - mg cosθ = 0
x:  T - mg sinθ - f = ma
    f = μN
```

ከ y እንጀምር፤ N ሳይታወቅ f አይገኝምና። mg 40 ኒውተን ነው፤ በ cos 30 ሲባዛ N 34.6 ኒውተን ይሆናል። «N ምንጊዜም ከክብደቱ ጋር እኩል ነው» የሚል ልማድ ያለበት ሰው 40 ይጽፍና ሰበቃውን 8 ያደርገዋል። ትክክለኛው 0.2 በ34.6፣ ማለትም 6.9 ኒውተን ነው።

ወደ x ስንመጣ mg sinθ 40 በ0.5፣ ማለትም 20 ኒውተን ነው። 30 ሲቀነስ 20፣ ሲቀነስ 6.9፤ 3.1 ኒውተን ገደማ ቀረን። ለ4 ሲካፈል ፍጥንጥነቱ 0.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ይሆናል። N 40 ነው ያለው ሰው 0.5 ያገኛል፤ የሰበቃውን አቅጣጫ የገለበጠው ደግሞ 4.2። ይህ ሁለተኛው በቀላሉ ይጋለጣል፦ ሰበቃ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ፍጥንጥነቱ 10 ለ4፣ ማለትም 2.5 ነው የሚሆነው። ሰበቃ ተጨምሮበት ሳጥኑ ይበልጥ ከፈጠነ አንድ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው።

[ማያ ገጹ ላይ፦ ገመዱ ይበጠሳል።]

ሳጥኑ ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ገመዱ ቢበጠስስ? ከሥዕሉ T ብቻ ትሰረዛለች፤ ሰበቃው አሁንም ወደ ታች ነው። ስለዚህ 20 ሲደመር 6.9፣ 26.9 ኒውተን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ለ4 ሲካፈል ወደ 6.7 በሚጠጋ ፍጥንጥነት ሳጥኑ እየዘገየ ይሄዳል። ቆሞ ተመልሶ ወደ ታች ሲንሸራተት ግን v ተገልብጣለች፤ f ደግሞ ወደ ላይ ትዞራለች። አሁን የሚቀረው 20 ሲቀነስ 6.9 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3.3 ያህል፣ ወደ ታች።