ብሬከሩ ሳይወርድ ሳጥኑ ለምን ተቃጠለ?

[ምስል፦ ክዳኑ የተዘጋ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን]

ተራኪ፦ የተጠራሁት ከዚህ ሳጥን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል ተብዬ ነው። ስደርስ ሁሉም ብሬከሮች እንደበሩ ናቸው፤ አንድም የወረደ የለም። መብራቱም አልተቋረጠም። ታዲያ ሽታው መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኩ። የውሃ ማሞቂያው ሲሠራ ብቻ ነው አሉኝ። በሪፖርቴ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያሰፈርኩት ይህንን መልስ ነው፤ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የችግሩን አቅጣጫ ያሳየኝ እርሱ ነውና።

[ምስል፦ ክዳኑ ተነሥቶ፣ በሙቀት ካሜራ የተነሣ ፎቶ]

ጭስ ወይም ብልጭታ ቢኖር ኖሮ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው እዘጋ ነበር። ስላልነበረ ማሞቂያው እየሠራ ክዳኑን ከፍቼ ፎቶ አነሣሁ። ይህ ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የተተወ ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ኤሌክትሪክ ያለባቸው ክፍሎች ይጋለጣሉ። ግን ማጥፊያው ከተዘጋ በኋላ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ፎቶውን በጥንቃቄ ተመልከቱት። በ32 አምፔሩ ብሬከር ላይ የገመዱን ጫፍ የያዘው ብሎን 112 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሷል። ከብሎኑ እየራቅን ስንሄድ ግን ገመዱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጭነት የበዛበት ገመድ ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ይሞቅ ነበር። ሙቀቱ አንድ ነጥብ ላይ መከማቸቱ የሚናገረው ስለ መጋጠሚያው ነው።

[ምስል፦ ክላምፕ ሜትር፣ 25 አምፔር ያነበበ]

ማሞቂያው የሚስበው 25 አምፔር ነው፤ ለ32 አምፔር ብሬከር ምንም አይደለም። ብዙዎች ብሬከሩ ተበላሽቶ ነው ያልወረደው ይላሉ፤ አልተበላሸም። እርሱ የሚጠብቀው የፍሰቱን መጠን እንጂ የብሎኑን መላላት አይደለም። እንዲያውም የላላ መጋጠሚያ ተቃውሞ ስለሚጨምር ፍሰቱን በጥቂቱ ይቀንሰዋል።

ስሌቱ አጭር ነው፤ ፍሰቱ በራሱ፣ ከዚያም በተቃውሞው ይባዛል። መጋጠሚያው ላይ የተፈጠረው ተቃውሞ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ነው እንበል። 25 በ25 ሲባዛ 625፣ የዚህ አንድ አሥረኛ 62.5 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ መበየጃ ካውያ የሚያወጣው ሙቀት ማለት ነው፤ ያውም በአንዲት ብሎን ላይ። የተለመደው የገመድ ፕላስቲክ ሽፋን ደግሞ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው።

[ምስል፦ ከብሬከሩ የወጣ የጠቆረ የገመድ ጫፍ]

ዋናውን ማጥፊያ ዘግቼ ቆለፍኩት። ቴስተሩን በሚሠራ መስመር ሞከርኩት፣ በሳጥኑ ላይ ምንም እንደሌለ አረጋገጥኩ፣ ከዚያ እንደገና በሚሠራው መስመር ሞከርኩት። ሁለተኛው ሙከራ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ቴስተሩ በመሐል ቢሞት ባዶ ያለኝ ሳጥን ባዶ ላይሆን ይችላል።

የተቃጠለው ጫፍ ስለ ምክንያቱ ብዙም አልነገረኝም፤ ከሰል ሆኗል። መልሱን ያገኘሁት ከጎኑ ካሉት ሁለት ብሬከሮች ነው። ገመዶቻቸውን ሳወጣ የብሎኑ ጥርስ በፕላስቲኩ ላይ ታትሟል። ሽፋኑ አጥሮ ስለተላጠ ብሎኑ የጨበጠው በከፊል መዳቡን፣ በከፊል ፕላስቲኩን ነው። በተገጠመበት ቀን ጠንካራ ይመስላል። ፕላስቲክ ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሸሻል፤ የብሎኑ ጫና ሲቀንስ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንደገና። የተቃጠለውም መስመር በዚሁ እጅ የተገጠመ ስለሆነ፣ በሪፖርቱ ላይ «ዋነኛው ምክንያት ሊሆን የሚችል» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ «ምክንያቱ» አላልኩም።

[ምስል፦ አዲስ ብሬከር ሲገጠም]

ገመዱን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስካገኝ ድረስ ቆርጬ በትክክል ላጥሁት። ብሬከሩን ቀየርኩ፤ ማብራትና ማጥፋቱ ቢሠራም እንዲያ የጋለ መጨበጫ ዳግም አይታመንም። ብሎኑን ያጠበቅሁት በአምራቹ የተጻፈውን ልክ በሚያሳይ ካቻቪቴ ነው፤ በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል። ማሞቂያውን ነቅዬ የሽፋኑን ጥንካሬ በ500 ቮልት ስለካ ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም ዝቅተኛ ወሰን እጅግ በላይ ነበር።

በምክረ ሐሳቡ የሳጥኑ መጋጠሚያዎች ሁሉ ተፈትተው እንዲታዩ፣ ከዚያም ሙሉ ጭነት በርቶ በሙቀት ካሜራ እንዲፈተሹ ጠይቄያለሁ። እስከዚያው ሽታው ከተመለሰ ማሞቂያው ይጥፋ፣ መስመሩም ይዘጋ።

ባለቤቱ ለእርግጠኝነት ብሬከሩን 40 አድርግልኝ ብለው ነበር። አላደረግኩም። ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ በቱቦ አልፏል፣ በዚህ አገጣጠም 40 አምፔርን ያለ ችግር ይሸከማል ማለት አይቻልም። እምቢ ያልኩበትን ምክንያትም ከፊርማዬ በላይ ጽፌዋለሁ።