የታደሰ ፊት፣ ያልተነካ ቁመና

ክቡራን እንግዶች፣ የህንጻው ባለቤቶችና ተከራዮች፣ እንደምን አደራችሁ!

ስካፎልዲንጉ ወርዷል። ቀለሙም፣ ግድግዳውን ከውጭ የሚያለብሰው ክላዲንግም፣ መስኮቶቹም አዲስ ናቸው። ቁመቱ፣ ስፋቱና የበረንዳዎቹ አወጣጥ ግን ከ60 ዓመት በፊት እንደተሠራው ነው። ይህ እንዴት እንደተጠበቀ ላሳያችሁ።

እስቲ ቀና ብላችሁ የሶሌታውን ጠርዝ ተመልከቱ። በየፎቁ ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ለዚህ ህንጻ መልኩን የሰጠው ከጠርዙ ሥር የሚወድቀው ጥላ ነው። ክላዲንግ ደግሞ ቦታ ይበላል። ፓነሉ ራሱ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚታሰረው ፍሬምና የአየር ክፍተቱ ሲጨመር ግን 8 ሴንቲሜትር ደረሰ። ሁሉንም ነገር ብናለብስ ኖሮ ጠርዙም በረንዳውም ተውጦ፣ ፊቱ ለጥ ብሎ ይቀር ነበር። በከተማችን እንዲህ የሆኑ ስንት ቆንጆ ህንጻዎች አሉ! ስለዚህ ክላዲንጉን ከመስኮቶቹ በታች ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ አደረግን። ጠርዙን ቀለም ብቻ ቀባነው። አሁን 12 ሴንቲሜትር ወጥቶ ይታያል። ቀንሷል፤ ጥላው ግን አልጠፋም።

ፓነሉን ስንመርጥ ከቀለሙ በፊት ውስጡን ጠየቅን። በሁለቱ የአልሙኒየም ገጾች መካከል ያለው ተራ ፕላስቲክ ከሆነ እሳት በፍጥነት ያዛምታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ግሬንፌል ህንጻ 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት በውጭ ግድግዳው የተዛመተው በዋናነት በእንዲህ ዓይነቱ ፓነል ነው። እኛ እሳት የሚቋቋመውን፣ ውስጡ በአብዛኛው ማዕድን የሆነውን ወሰድን። ዋጋው ይጨምራል። በዚህ ግን አልተደራደርንም።

መስኮቱ ይበልጥ አስቸግሮናል። የድሮው የብረት ፍሬም ቀጭን ነበር፤ የአልሙኒየሙ ወፍራም ነው። እያንዳንዱን ክፍልፋይ እንዳለ ብንደግመው መስታወቱ ይጠብና ቤቱ ይጨልማል። ስለዚህ ትልልቆቹን ቋሚዎች በነበሩበት መስመር አቁመን፣ ትንንሾቹን ክፍሎች አንድ ላይ አደረግናቸው። መስኮቱ የገባበትን ጥልቀት አልነካንም። ወደ ፊት ቢወጣ ግድግዳው ወረቀት መስሎ ይታያል።

ቀለሙ በመጨረሻ መጣ። ከዚያ በፊት ልስኑን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳን ሄድን። ባዶ ድምፅ የሰጠው ሁሉ ተፍቆ እንደገና ተለሰነ። በለቀቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም አንድ ክረምት አይሻገርም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በመስኮቱና በግድግዳው መካከል ያለው ሲሊኮን ዕድሜው ከአልሙኒየሙ ያጥራል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አስፈትሹት። ከመስኮቱ ሥር በውስጥ በኩል ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ውሃ መግባት ጀምሯል ማለት ነው፤ ቀለም ቀብታችሁ አትሸፍኑት፣ መጀመሪያ የሚገባበትን ፈልጉ።

አመሰግናለሁ።